ልምድ የሌለው ተማሪ ማመልከቻውን እንዴት ይጀምር?

እ.ኤ.አ. በ2012 በሐርጌሳ አቅራቢያ የተከፈተውን የኮካ ኮላ ጠርሙስ መሙያ ፋብሪካ በመሰለ ድርጅት የተግባር ልምምድ የሚጠይቅ የመካኒካል ምህንድስና ተማሪ አለ እንበል። ብዙዎቻችን የምንጀምረው «ልምድ ባይኖረኝም ታታሪ ነኝ» ብለን ነው። ይህን ማንም አመልካች ሊጽፈው ይችላል፤ ጉድለትንም ያስቀድማል።

ይልቁንስ በትምህርት ቤት ወርክሾፕ የተሠራ አንድ ሥራ ይምረጥ፦

«የሦስተኛ ዓመት የመካኒካል ምህንድስና ተማሪ ስሆን በጥገና ክፍላችሁ ለሦስት ወር ልምምድ አመለክታለሁ። በወርክሾፕ ከሁለት ጓደኞቼ ጋር 20 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያላቸው አሥር የብረት ዘንጎች በቶርኖ ስንሠራ ሦስቱ 0.02 ሚሊ ሜትር አንሰው ተገኙ። የለካናቸው ገና ትኩስ ሳሉ ነበር። የቀሩትን ካቀዘቀዝን በኋላ በማይክሮሜትር ስንለካ ልካቸውን ጠበቁ።»

ብረት ሲሞቅ ስለሚሰፋ ትኩስ ሆኖ ልክ የመሰለው ሲቀዘቅዝ ያንሳል። አንባቢው ተማሪው መለካት፣ ስህተት ማየትና ምክንያቱን መፈለግ እንደሚችል ከዚህ ይረዳል። ፋብሪካ የሚፈልገውም ይህንኑ ነው። ደብዳቤው በእንግሊዝኛ ቢጻፍም ቅደም ተከተሉ ያው ነው፦ ማን እንደሆነ፣ የትኛውን ክፍል እንደሚፈልግ፣ ምን ሠርቶ ምን እንዳገኘ።

«ከሁለት ጓደኞቼ ጋር» የሚለው አይቅር። ብቻዬን ሠራሁ ያለ ሰው ቶርኖው አጠገብ ቆሞ ሲጠየቅ ይታወቅበታል። ቁጥሩም የራሱ ይሁን፤ የእኛን መገልበጥ አይጠቅመውም።