ለጋሽን ከበር የሚመልስ ማስታወቂያ

ብዙ የደም ልገሳ ማስታወቂያዎች አንድ ዓይነት ናቸው። ከላይ በቀይ ቀለም «ደም ይለግሱ፣ ሕይወት ያድኑ» የሚል መፈክር፣ ከሥሩ የጠብታ ሥዕል፣ ከዚያ በደቃቅ ፊደል የአዘጋጁ ስም ይከተላል። ማን ሊለግስ እንደሚችል፣ ድንኳኑ በየትኛው በር በኩል እንደተተከለ፣ ምዝገባው በስንት ሰዓት እንደሚዘጋ ለማወቅ ግን ስልክ መደወል ያስፈልጋል። ሰው ደግሞ አይደውልም። ወይ ይቀራል፣ ወይ መጥቶ ከጠረጴዛው ይመለሳል። አንድ ጊዜ የተመለሰ ሰው በሚቀጥለው ዘመቻ ላይታይ ይችላል።

ማስታወቂያው የመጀመሪያው ማጣሪያ ነው ብሎ ማሰብ ይጠቅማል። መለገስ የማይችለውን ሰው ቤቱ እያለ ሊነግረው፣ መለገስ እየቻለ «እኔ አልችልም» ብሎ የተቀመጠውንም ከቤቱ ሊያስወጣው ይገባል።

«ማንኛውም ጤናማ ሰው መለገስ ይችላል» የሚለውን የተለመደ ሐረግ እንመልከት። ጤናማ ማለት ማን ነው? የጨጓራ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ራሱን በሽተኛ አድርጎ ይቀራል፤ ትናንት ትኩሳት የነበረው ደግሞ ዛሬ ስለተሻለው ይመጣል። በቁጥር መናገር ይሻላል። በአገራችን አሠራር ዕድሜው ከ18 እስከ 65 ዓመት የሆነ፣ ክብደቱ 45 ኪሎና ከዚያ በላይ የሆነ፣ ቀደም ሲል ለግሶ ከነበረም 3 ወር የሞላው ሰው መምጣት ይችላል። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት አትለግስም። ትኩሳት ያለበት፣ አንቲባዮቲክ የጀመረ፣ በቅርቡ ወባ የያዘው፣ ቀዶ ሕክምና ያደረገ ወይም የተነቀሰ ሰው ምን ያህል መቆየት እንዳለበት የምትነግረው ጠረጴዛው ላይ ያለችው ነርስ ናት። ማስታወቂያው ይህን ሁሉ በሰንጠረዥ መደርደር የለበትም፤ «ለነርሷ ይንገሩ» ማለቱ ይበቃል።

ክብደት የሚጠየቀው ለቁመና አይደለም። በአዋቂ ሰው ሰውነት ውስጥ በግምት ለእያንዳንዱ ኪሎ 70 ሚሊ ሊትር ደም አለ። 45 ኪሎ የሚመዝን ሰው እንግዲህ ከሦስት ሊትር ጥቂት ከፍ ያለ ደም ይኖረዋል። የተለመደው ከረጢት 450 ሚሊ ሊትር ይይዛል፤ ይህ ከዚያ ሰው ደም ሰባተኛው እጅ ነው፤ ብዙ ነው፣ ራስ ሊያዞር ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያም 450 ሚሊ ሊትር ለመለገስ 50 ኪሎ፣ 350 ሚሊ ሊትር ለመለገስ 45 ኪሎ ይጠይቃል። ምክንያቱ በአንድ ዐረፍተ ነገር ቢጻፍ ቀጭኗ ተማሪ ሚዛን ላይ ወጥታ ስትመለስ የተናቀች አይመስላትም።

በተቃራኒው በከንቱ የሚቀሩ ሰዎች አሉ። የደም ዓይነታቸውን የማያውቁ ሰዎች «መጀመሪያ ላስመርምር» ይላሉ፤ ማወቅ አያስፈልግም፣ የሚመረመረው ከተቀዳ በኋላ ነው። የወር አበባ ላይ ያለች ሴትም ድካም ካልተሰማትና የሄሞግሎቢን መጠኗ ከበቃ ትለግሳለች። መጠኑ የሚታየው እዚያው ነው። በብዙ ቦታ ከጣት የተወሰደች ጠብታ ሰማያዊ ፈሳሽ ውስጥ ትጨመራለች፤ ከሰመጠች ደሙ በቂ ብረት ይዟል፣ ከተንሳፈፈች ለጋሹ ሌላ ጊዜ እንዲመጣ ይነገረዋል።

አሁን ብዙ አዘጋጅ በቅን ልቦና ወደሚሠራው አደገኛ ስሕተት ልምጣ። ሰው ለመሳብ ሲሉ «ነፃ የኤችአይቪ ምርመራ ያገኛሉ» ብለው ይጽፋሉ። በእርግጥ የተለገሰ ደም ሁሉ ለኤችአይቪ፣ ለሄፓታይተስ ቢና ሲ፣ ለቂጥኝም ይመረመራል። ነገር ግን ቫይረሱ በቅርቡ የገባበት ሰው ለተወሰነ ጊዜ ምርመራው ላይ ላይታይ ይችላል፤ ደሙ ግን በዚያው ጊዜ ያስተላልፋል። «ነፃ ምርመራ» የሚለው ቃል ደግሞ ለይቶ የሚጠራው ያለፈው ሳምንት ያሳሰበውን ሰው ነው። እንዲህ ያለው ሰው መሄድ ያለበት ወደ ጤና ጣቢያ ነው፤ ማስታወቂያውም በግልጽ እንዲህ ሊለው ይገባል። ነርሷ ለብቻ የምትጠይቃቸው አሳፋሪ የሚመስሉ ጥያቄዎችም የተቀመጡት ምርመራው የማይደርስበትን ይህን ክፍተት ለመሸፈን ነው።

ሰዓትን በተመለከተ የእኛ አገር የራሱ ጣጣ አለው። «8:00» ተብሎ ብቻ ከተጻፈ አንዱ በጠዋት፣ ሌላው ከምሳ በኋላ ይመጣል፤ በስልኩ ላይ የፈረንጅ ሰዓት የሚያነብ ወጣት በዝቷል። «ከጠዋቱ»፣ «ከቀኑ» የሚሉት ቃላት መቅረት የለባቸውም። ቀኑም ከዕለቱ ስም ጋር ይጻፍ፤ ዕለትና ቀን ካልተገጣጠሙ ስሕተቱን የሚያገኘው አንባቢው ነው። ዕለት ሲመረጥ ጾም ይታሰብ። ረቡዕና ዓርብ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ሰው ሳይበላ ይመጣል፤ ያልበላና ውኃ ያልጠጣ ሰው ደግሞ አልጋው ላይ ይደክማል። ቅዳሜ በጾም ወራትም የጾም ምግብ በጠዋት ስለሚበላ ይሻላል። በረመዳን ወር ከአፍጥር በኋላ ማዘጋጀት ይቻላል።

የመዝጊያውን ሰዓት የሚወስነው ደሙ ራሱ ነው። ፕላትሌት የሚባለው፣ መድማትን የሚያቆመው ክፍል ከደሙ የሚለየው ከተቀዳ በኋላ ከ6 እስከ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው፤ ስለዚህ መኪናው ዘግይቶ መውጣት አይችልም። አራት አልጋ ያለበትን የኮሌጅ ዘመቻ እናስብ። እያንዳንዱ ለጋሽ አልጋው ላይ፣ ክንዱ ከሚጸዳበት እስከሚያርፍበት፣ ሃያ ደቂቃ ያህል ይቆያል። በሰዓት 12 ሰው ማለት ነው፤ በስድስት ሰዓት 70 ገደማ። ሁለት መቶ ሰው በአንድ ጊዜ «ሦስት ሰዓት ላይ» ከተጠራ አብዛኛው ፀሐይ ላይ ቆሞ ይመለሳል። በክፍል ወይም በትምህርት ዓመት ከፋፍሎ መጥራት ይሻላል። ጠዋት የተቀዳውን ደም መኪናው እኩለ ቀን ላይ አንድ ጊዜ ቢያደርስ ደግሞ ዘመቻው ረዘም ሊል ይችላል።

ቦታውም በምልክት ይነገር፤ የመንገድ ቁጥር ይዞ የሚፈልግ ሰው የለም። ለዚያ ኮሌጅ እኔ ብጽፍ እንዲህ እጽፍ ነበር፦

«ቅዳሜ ኅዳር 20 ደም እንለግሳለን። ቦታው የኮሌጁ ቤተ መጻሕፍት ምድር ቤት ነው፤ ከታክሲ ማዞሪያው ፊት ለፊት ባለው ትንሹ በር ይግቡ። ከጠዋቱ 2:30 እስከ ቀኑ 8:30 እንቆያለን፤ የመጨረሻው ምዝገባ 7:45 ነው። አንደኛ ዓመት እስከ 5:00፣ ሌሎቻችሁ ከዚያ በኋላ ኑ። ከ18 እስከ 65 ዓመት ከሆናችሁ፣ 45 ኪሎና በላይ ከመዘናችሁ፣ ከለገሳችሁ 3 ወር ከሞላ ትችላላችሁ። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት አትለግስም። መድኃኒት የሚወስድ ወይም ሰሞኑን የታመመ ለነርሷ ይንገር። የደም ዓይነት ማወቅ አያስፈልግም። በልታችሁ፣ ውኃ ጠጥታችሁ፣ መታወቂያ ይዛችሁ ኑ። ሁሉም ነገር አንድ ሰዓት አይፈጅም። ኤችአይቪ ለመመርመር የፈለገ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ።»

መፈክር የለውም፤ ለመፈክር የሚሆን ቦታም አልተረፈም።

ማስታወቂያው ሲያበቃ ከግድግዳ ይነሳ፤ ታኅሣሥ ላይ አንብቦ ባዶ ምድር ቤት የሚያንኳኳ አይጠፋም። ኅዳር 20 የተቀዳው ቀይ የደም ሕዋስ በማቀዝቀዣ 35 ቀን ያህል ይቆያል፤ ታኅሣሥ 25 ገደማ ጊዜው ያልፍበታል። ፕላትሌቱ 5 ቀን ብቻ ይቆያል። ለጋሾቹ እንደገና መምጣት የሚችሉት ደግሞ ከየካቲት 20 ጀምሮ ነው። በመካከሉ ያለውን ጊዜ ሌላ ኮሌጅ ወይም ሌላ መሥሪያ ቤት ካልሸፈነው ማቀዝቀዣው ይራቆታል፤ ስለዚህ አዘጋጁ ቀኑን ከመወሰኑ በፊት ለደም ባንኩ ደውሎ የትኛው ሳምንት ባዶ እንደሆነ ይጠይቅ።