«ይህን ያህል ገንዘብ አውጥተንበት እንዴት እንተወዋለን?»

አንድ የንብረት አስተዳደር ኃላፊ ለመሥሪያ ቤታቸው መጋዘን የኮምፒዩተር ፕሮግራም በ2 ሚሊዮን 400 ሺህ ብር እንዲገዛ አስወሰኑ እንበል። የግዥ ኮሚቴው ቢያመነታም እርሳቸው ተከራክረው አሳመኑ። ምክንያታቸውም ግልጽ ነበር፤ «የሠራተኛውን ጊዜ ይቆጥባል» የሚል። ስድስት ወር አለፈ። ዕቃ ግምጃ ቤቷ ዛሬም ዕቃ ሲገባ ሞዴል 19 በእጇ ትሞላለች፤ ማታ ደግሞ ያንኑ ወደ ኮምፒዩተር ትገለብጣለች። ሥራው በእጥፍ ጨመረ፤ በወሩ መጨረሻም ቆጠራውና ኮምፒዩተሩ አይገናኙም።

ኃላፊው ታዲያ ምን አሉ? መጀመሪያ «ሠራተኛው አዲስ ነገር አይወድም» አሉ። ቀጥለው «ጊዜ ባይቆጥብም የመረጃ ጥራት ያመጣል» አሉ። ቆጠራው አልገጥም ሲል ደግሞ «ቢያንስ ዘመናዊ አሠራር ጀምረናል» ወደሚለው ተሻገሩ። አሁን ለማሻሻያና ለሥልጠና ተጨማሪ 900 ሺህ ብር እየጠየቁ ነው።

እኚህ ሰው ውሸታም አይደሉም። የሚናገሩትን ያምኑታል። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሊዮን ፌስቲንገር እ.ኤ.አ. በ1957 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን ሁኔታ «ኮግኒቲቭ ዲሶናንስ» ብሎታል፤ በእኛ አባባል የአስተሳሰብ ቅራኔ ልንለው እንችላለን። «እኔ አስተዋይ ሰው ነኝ» እና «ብዙ ገንዘብ ያባከነ ውሳኔ ወስኛለሁ» የሚሉት ሁለት ሐሳቦች በአንድ ጭንቅላት ውስጥ አብረው መኖር ይከብዳቸዋል። ስሜቱ ይጎረብጣል። ገንዘቡ ተከፍሏል፤ ያለፈውን መለወጥ አይቻልም። ስለዚህ የሚለወጠው ስለ ግዥው ያለን አስተያየት ይሆናል።

ፌስቲንገር ከባልደረባው ካርልስሚዝ ጋር እ.ኤ.አ. በ1959 ያሳተመው ሙከራ ይህንን በሚገርም መንገድ ያሳያል። ተማሪዎች ለአንድ ሰዓት እጅግ አሰልቺ ሥራ እንዲሠሩ ተደረገ። ከዚያም ለሚቀጥለው ሰው «ሥራው ደስ ይላል» ብለው እንዲዋሹ ተጠየቁ፤ ለአንዳንዶቹ 1 ዶላር፣ ለሌሎቹ 20 ዶላር ተሰጣቸው። በኋላ እውነተኛ ስሜታቸውን ሲጠየቁ ሥራውን ይበልጥ የወደዱት 1 ዶላር የተቀበሉት ነበሩ። 20 ዶላር ያገኘው «ለገንዘቡ ስል ዋሸሁ» ማለት ይችላል። 1 ዶላር ያገኘው ግን በቂ ሰበብ ስለሌለው ራሱን ማሳመን ነበረበት።

ለኃላፊያችንም ነገሩ ይኸው ነው። ግዥው ከበላይ ታዝዞ ቢሆን ኖሮ «ታዝዤ ነው» ብለው ይገላገሉ ነበር። የከበዳቸው ራሳቸው መርጠው፣ ተከራክረው ስላስወሰኑት ነው። ባሪ ስታው የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1976 የቢዝነስ ተማሪዎችን የኩባንያ ገንዘብ እንዲመድቡ ባደረገበት ሙከራም ለከሰረው ክፍል ከሁሉም በላይ ተጨማሪ ገንዘብ የመደቡት፣ የመጀመሪያውን ውሳኔ ራሳቸው የወሰኑት ነበሩ።

እርግጥ በአንድ ሥራ መጽናት ሁሉ ራስን ማታለል አይደለም። መለያው ምክንያቱ ነው። ጊዜ ቁጠባ የነበረው ወደ ጥራት፣ ከዚያ ወደ ዘመናዊነት ሲዘዋወር፣ ጥያቄ የሚያነሳውም ሰው እንደ ጠላት መታየት ሲጀምር ቆም ማለት ያሻል። ቅራኔው በሽታ አይደለም፤ ሆኖም እንቅልፍ ማጣቱና ንዴቱ ለሳምንታት ከዘለቀ ባለሙያ ማማከር ተገቢ ነው።

ሒሳቡን እንየው። ለመጋዘኑ የሚስማማ አነስተኛ ፕሮግራም በ500 ሺህ ብር ይገኛል ብለን እናስብ። 2 ሚሊዮን 400 ሺው በሁለቱም መንገድ አይመለስም፤ ስለዚህ ከንጽጽሩ ይወጣል። የሚቀረው ጥያቄ 900 ሺህ ወይስ 500 ሺህ፣ የትኛውስ ሥራውን ያቃልላል የሚል ነው። «ዛሬ ምንም ባልገዛ ኖሮ የቱን እመርጥ ነበር?» ብሎ ራስን መጠየቅ ይረዳል።

ይህንን ለኃላፊው የሚነግር ሠራተኛም አነጋገሩን ቢመርጥ ጥሩ ነው። «ተሳስተዋል» ማለት ቅራኔውን ያብሰዋል፤ ሰውዬውም ይበልጥ ይከላከላሉ። «ያኔ በነበረን መረጃ መወሰንዎ ተገቢ ነበር፤ አሁን ግን የስድስት ወር ቆጠራ በእጃችን አለ» ማለት ለክብራቸው መሸሸጊያ ይተዋል።

ከሁሉ የሚቀለው ግን ከግዥው በፊት የሚደረገው ነው። «በስድስት ወር ውስጥ በእጅ መጻፍ ካልቀረ እናቆማለን» ብሎ በቃለ ጉባኤ ላይ ማስፈር ያን ጊዜ ማንንም አያሳፍርም። ቀኑ ሲደርስ ውጤቱን የሚመዝነው ሰው ደግሞ ግዥውን ያስወሰነው ባይሆን ይመረጣል።