ደብዳቤው ላይ የተጻፈው ምክንያትና የስንብት ክፍያው

ሁለት ሠራተኞች በአንድ ቀን ከአንድ ፋብሪካ ተሰናበቱ እንበል። የአንዷ ደብዳቤ «የሥራ መቀዛቀዝ» ይላል፣ የሌላዋ «የዲሲፕሊን ጉድለት»። ሁለቱም ሥራ አጥተዋል፤ በሕግ ዓይን ግን ጉዳያቸው በጣም የተለያየ ነው። የመጀመሪያዋ የስንብት ክፍያ አላት፣ ሁለተኛዋ ግን ጥፋቱ እውነት ከሆነ የላትም። አንዳንድ አሠሪዎች ቅነሳን በጥፋት ስም የሚያልፉት ወይም «ራስሽ መልቀቂያ አስገቢ» የሚሉት ለዚህ ነው።

የግል ድርጅት ሠራተኞች የሚተዳደሩበት የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ያለ ማስጠንቀቂያ የሚያሰናብቱ ጥፋቶችን ዘርዝሯል። በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እየተሰጠ በስድስት ወር ውስጥ ስምንት ጊዜ ማርፈድ፣ እንዲሁ እየተሰጠ በስድስት ወር ውስጥ ያለ በቂ ምክንያት በድምሩ አምስት ቀን መቅረት፣ ማጭበርበር፣ በሥራ ቦታ መደባደብ ከእነዚህ ይገኙበታል። አለቃን ማስከፋት ወይም ጥያቄ ማብዛት ግን በዝርዝሩ ውስጥ የለም። አሠሪው ምክንያቱንና ስንብቱ የሚጸናበትን ቀን በጽሑፍ መግለጽ አለበት። ደግሞም ጥፋቱን ካወቀ በ30 የሥራ ቀናት ውስጥ ካላሰናበተ በዚያ ጥፋት የማሰናበት መብቱ ይቀራል። ይህን ገደብ ብዙ ሠራተኛ ስለማያውቀው የከረመ ጥፋት ተፈልጎ ሲወጣበት ዝም ይላል።

ቅነሳ የሠራተኛው ጥፋት የለበትም። ትዕዛዝ ይቀራል፣ ገበያ ይዘጋል። ኢትዮጵያ በጥር 2022 (በእኛ አቆጣጠር በታኅሣሥ 2014) ከአሜሪካው የአጎዋ ዕድል ስትወጣ የልብስ ፋብሪካዎች ሠራተኞች የቀመሱት ይህንን ነው። ሕጉ ቅነሳ የሚለው ግን ማንኛውንም መቀነስ አይደለም። ከድርጅቱ ሠራተኞች ቢያንስ 10 በመቶውን፣ ሠራተኞቹ ከ20 እስከ 50 ከሆኑ ደግሞ ቢያንስ አምስቱን የሚነካ መሆን አለበት። አሠሪው ከሠራተኛ ማኅበሩ ወይም ከሠራተኞች ተወካይ ጋር መመካከር ይጠበቅበታል፤ የሁለት ወር ማስጠንቀቂያም ይሰጣል። ስለዚህ የተሰናበተ ሰው መጀመሪያ የሚያጣራው አብሮት ስንት ሰው እንደወጣ ነው።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ። በስፌት ማሽን ላይ አራት ዓመት የሠራች፣ በወር 6,000 ብር (በቀን 200 ብር) የምታገኝ ሠራተኛ እንውሰድ። የስንብት ክፍያ ለመጀመሪያው ዓመት የመጨረሻው ሳምንት አማካይ የቀን ደመወዝ 30 እጥፍ ነው፤ ለእሷ 6,000 ብር። ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት የዚያ ሲሶ ይጨመራል፤ ሦስቱ ዓመታት 2,000 በ2,000 ሆነው 6,000 ይሆናሉ። ድምሩ 12,000 ብር ነው። ዘመኑ ቢረዝምም ይህ ክፍያ ከ12 ወር ደመወዝ አይበልጥም። ስንብቱ በቅነሳ ከሆነ ወይም ድርጅቱ ለዘለቄታው ከተዘጋ የ60 ቀን ደመወዝ፣ ማለትም ሌላ 12,000 ብር ይታከላል። በቅነሳ የወጣችው ሠራተኛ 24,000 ብር ትጠይቃለች።

«በፈቃዴ ለቅቄያለሁ» ብላ ብትፈርምስ? በራስ ፈቃድ የሚለቅ ሰው የስንብት ክፍያ የሚያገኘው በመሠረቱ አምስት ዓመት ካገለገለ በኋላ ነው። አራት ዓመት ያላት ይህች ሠራተኛ በአንድ ፊርማ 24,000 ብሯን ታጣለች። በተረጋገጠ ጥፋት ብትወጣም ያው ነው፤ የሠራችበት ደመወዝና ያልተጠቀመችበት የዓመት ዕረፍት ክፍያ ብቻ ይቀራታል። እነዚህን ማንም ሊከለክላት አይችልም።

ጥፋቱ ሐሰት ከሆነ ወይም 30 የሥራ ቀናት ካለፉ በኋላ የተነሳ ከሆነ ግን ስንብቱ ሕገ ወጥ ነው። ለጥፋቱ ማስረጃ ማቅረብ ያለበት አሠሪው ነው። ፍርድ ቤት ወደ ሥራ ሊመልሳት ይችላል፤ ካልመለሳት ከ12,000 ብር የስንብት ክፍያዋ ሌላ የ180 ቀን ደመወዝ ካሳ (36,000 ብር) እና የሁለት ወር የማስጠንቀቂያ ጊዜ ክፍያ (12,000 ብር) ይወሰንላታል። በድምሩ 60,000 ብር ነው። ያለ ቦታው የተለጠፈ ጥፋት አሠሪውን ከሐቀኛ ቅነሳ የበለጠ ያስከፍለዋል።

አሠሪው የሚገባትን በሰባት የሥራ ቀናት ውስጥ መክፈል አለበት፤ ያለ በቂ ምክንያት ካዘገየ ፍርድ ቤት እስከ ሦስት ወር ደመወዟ የሚደርስ ተጨማሪ ሊያስከፍለው ይችላል። እሷም የጊዜ ገደብ አለባት። ወደ ሥራ ለመመለስ በሦስት ወር፣ ክፍያ ለመጠየቅ በስድስት ወር ውስጥ ክስ ካልመሠረተች መብቷ በይርጋ ይቀራል። ቀኑ የሚቆጠረው ውሉ ከተቋረጠበት ዕለት ጀምሮ ነው። የሰው ኃይል ክፍሉ «ጉዳይሽን እያየነው ነው» እያለ ሲያመላልሳት ወራት ሊያልፉ ስለሚችሉ፣ የስንብት ደብዳቤውን፣ የመጨረሻዎቹን የደመወዝ ወረቀቶችና የሥራ ውሉን ይዛ ቶሎ ወደ ፍርድ ቤት ብትሄድ ይሻላታል።