ጫማው ለምን ተንሳፈፈ?

ቴሌግራም ላይ ጫማ የሚሸጡ ቻናሎችን የሚከታተል ሰው ይህን ዓይነቱን ፎቶ ያውቀዋል። ቡናማ የቆዳ ጫማ ነው፤ የነበረበት ባክግራውንድ ተቆርጦ በነጭ ተተክቷል። ቆዳው ያብረቀርቃል፣ ስፌቱ አንድ በአንድ ይቆጠራል፤ ጫማው ግን የቆመበት ነገር የለም። ገዢው ምን እንደጎደለ መናገር ባይችልም ፎቶው ደስ ሳይለው ያልፈዋል። የጎደለው ከሶሉ ሥር የነበረው ጥላ ነው፤ ባክግራውንዱ ሲቆረጥ አብሮ ሄዷል።

ብዙዎች ይህን ለማስተካከል ፎቶሾፕ ውስጥ Drop Shadow የሚለውን ይጫናሉ። እሱ ደግሞ የጫማውን ሙሉ ቅርጽ ወስዶ፣ አጥቁሮና አደብዝዞ፣ ትንሽ ወደ ጎን ያንሸራትተዋል። ከግድግዳ ፊት ለተንጠለጠለ ነገር ትክክለኛ ጥላ ነው። ወለል ላይ ለቆመ ጫማ ግን ችግሩን ያባብሰዋል እንጂ አያቃልለውም።

እውነተኛው ጥላ ምን እንደሚመስል ለማየት ጫማውን መስኮት አጠገብ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ጎንበስ ብሎ ማየት ይበቃል። ታኮው ጠረጴዛውን በነካበት ቦታ ቀጭን፣ ጠርዙ የጠራ፣ ጥቁር ሊባል የሚችል መስመር አለ። ከታኮው ፊት ሶሉ ከፍ ስለሚል መስመሩ ይሳሳል። የእግር ጣቶች ሥር የሚያርፍበት ቦታ ላይ ሶሉ እንደገና ይነካና ጥላው ይጠቁራል። የጫማው ጫፍ ወደ ላይ ቀና ስለሚል ደግሞ እዚያ ያለው ጥላ ለስላሳ ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ሶሉ በነካበት ቦታ ብርሃን ከየትም አቅጣጫ ሊገባ አይችልም፣ ከፍ ባለበት ግን ከጎን እየሾለከ ይገባል።

የጠርዙን ብዥታ በስሌት ማወቅም ይቻላል። 1 ሜትር ስፋት ያለው መስኮት ከጫማው 2 ሜትር ይራቅ እንበል። ከወለሉ 1 ሴንቲ ሜትር ከፍ ያለው የጫማ ጫፍ የሚጥለው ጥላ ጠርዙ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል ይደበዝዛል። ቁመቱ ሲጨምር ብዥታውም በዚያው ልክ ይሰፋል። ፀሐይ ላይ የተነሳ ጫማ ግን በዚያው ቁመት ብዥታው ከአንድ ሚሊ ሜትር አሥረኛ እምብዛም አይበልጥም። ስለዚህ በቀትር ፀሐይ ለተነሳ ጫማ ለስላሳ ጥላ መሥራት ውሸቱን ያጋልጣል።

ወደ ኮምፒውተሩ ስንመለስ፣ ሥራው ከጫማው ሥር ሁለት ሌየር ይፈልጋል፤ ሁለቱም Multiply ላይ ይደረጋሉ። ፎቶው 2000 ፒክሰል ስፋት ካለው፣ በመጀመሪያው ላይ ሶሉ በነካባቸው ሁለት ቦታዎች ብቻ ቀጭን መስመር ይሰመርና Gaussian Blur 4 ፒክሰል ገደማ፣ Opacity ደግሞ 70 በመቶ ይሰጠዋል። በሁለተኛው ላይ ጠፍጠፍ ያለ ሰፊ ሞላላ ይሳልና ብዥታው ወደ 50 ፒክሰል፣ Opacityው ወደ 25 በመቶ ይሆናል። እነዚህ ቁጥሮች መነሻ ናቸው እንጂ ሕግ አይደሉም። ቆዳው ላይ ያለው ነጸብራቅ በግራ ከሆነ ሰፊው ጥላ ወደ ቀኝ መሳብ አለበት፤ ይህን የሚረሳ ሰው ብዙ ነው።

የወለል ነጸብራቅ ሌላ ጉዳይ ነው። ሥራው ሲታይ ቀላል ነው፤ ጫማውን ኮፒ አድርጎ Flip Vertical ማለትና ወደ ታች እየደበዘዘ እንዲጠፋ ማድረግ። ይህ የሚሠራው ካሜራው ከወለሉ ጋር እኩል ዝቅ ብሎ ጫማውን ከጎኑ ሲያነሳው ነው። ያኔም የተገለበጠው ጫማ እውነተኛውን መንካት ያለበት በታኮውና በጣቶቹ ሥር ብቻ ነው። ጫፉ ከወለሉ 1 ሴንቲ ሜትር ከፍ ካለ፣ በጫፉና በነጸብራቁ መካከል 2 ሴንቲ ሜትር ክፍተት ይኖራል። ካሜራው ከላይ ወደ ታች ካየ ግን ወለሉ የሚያሳየው የሶሉን ሥር ነው። እሱ ደግሞ ፎቶው ውስጥ ስለሌለ ከመገልበጥ አይገኝም።

ነጸብራቁን በማንሳት ማግኘት የሚፈልግ ሰው ቤት ውስጥ ያለውን መስታወት ባይጠቀም ይሻለዋል። የተራ መስታወት የሚያንጸባርቀው ሽፋን ከብርጭቆው ኋላ ስለሆነ፣ ነጸብራቁ ከሶሉ ትንሽ ዝቅ ብሎ ይጀምራል፤ ጫማውም እንደገና ይንሳፈፋል። ጥቁር አክሪሊክ የሚያንጸባርቀው ከላይኛው ገጹ ስለሆነ ይህ ክፍተት የለበትም። ለቆዳ ጫማ ግን ነጸብራቅ ከነጭራሹ ባይኖር እመርጣለሁ፤ ለሽቶ ጠርሙስና ለስልክ የሚስማማውን ያህል አይስማማውም።

ጥላው መሥራት አለመሥራቱን ለማወቅ የጫማውን ሌየር ይደብቁትና ጥላውን ብቻ ይዩት። ታኮው የት እንዳረፈ፣ ጫፉስ የት ቀና እንዳለ ከጥላው ካልታወቀዎት ሥራው አላለቀም። ከዚህ ሁሉ ድካም የሚያድነው ግን ጫማውን ከመጀመሪያው ነጭ ወረቀት ላይ አስቀምጦ ማንሳትና ሲቆርጡ ጥላውን አለመቁረጥ ነው።