ትርፍ ለምን በአንድ መስመር ላይ ይሰለፋል?

ስለ አክሲዮን ወሬ ሲነሳ «ይኼኛው ርካሽ ነው፣ ያኛው ተወዷል» ሲባል እንሰማለን። ግን ርካሽ የሆነው ከምን አንጻር ነው? አሜሪካዊው የምጣኔ ሀብት ምሁር ስቲፈን ሮስ በ1976 ባሳተመው ጽሑፍ ለዚህ ጥያቄ መልስ ሰጥቷል። መልሱ የአርቢትራጅ ዋጋ ንድፈ ሐሳብ ይባላል። ለመረዳት የሚያስፈልገን የመደመርና የማካፈል ሂሳብ ብቻ ስለሆነ አብረን ደረጃ በደረጃ እንሥራው።

መነሻው ይህ ነው። የአንድ አክሲዮን ትርፍ ከሚጠበቀው ከፍ ወይም ዝቅ የሚለው በሁለት ዓይነት ምክንያት ነው። አንደኛው ሁሉንም ኩባንያ የሚነካ የጋራ ምክንያት ሲሆን ፋክተር ይባላል፤ ለምሳሌ የአገሪቱ የኢንዱስትሪ ምርት ከተገመተው በላይ ወይም በታች ሲሆን። ሁለተኛው የኩባንያው የግል ጉዳይ ነው፤ መጋዘኑ ሲቃጠል ወይም ሥራ አስኪያጁ ሲለቅ ማለት ነው። ፋክተሩ ሳይጠበቅ በ1 በመቶ ሲለወጥ የአክሲዮኑ ትርፍ በስንት በመቶ እንደሚንቀሳቀስ የሚነግረን ቁጥር ደግሞ ቤታ ይባላል።

የግሉ አደጋ ብዙ አክሲዮኖችን በአንድ ላይ ስንይዝ ይከስማል። የእያንዳንዱ አክሲዮን የግል መዋዠቅ በስታንዳርድ ዲቪዬሽን 30 በመቶ ነው እንበል፤ የአንዱም ከሌላው ጋር ግንኙነት የለውም። ገንዘባችንን በ n አክሲዮኖች ላይ እኩል ብናካፍል የሚቀረው መዋዠቅ 30/√n ይሆናል። በ9 አክሲዮን 10 በመቶ፣ በ100 አክሲዮን 3 በመቶ፣ በ900 አክሲዮን 1 በመቶ ነው። የአንዱን መጋዘን መቃጠል የሌላው ጥሩ ዓመት ያካክሰዋል። የፋክተሩ ተጽዕኖ ግን ሁሉንም ወደ አንድ አቅጣጫ ስለሚገፋ አይከስምም። ስለዚህ በደንብ በተሰባጠረ ፖርትፎሊዮ ውስጥ የሚቀረው አደጋ ቤታው ብቻ ነው።

አሁን ሦስት የተሰባጠሩ ፖርትፎሊዮዎችን እንውሰድ። «ሀ» ቤታው 1.5 ሲሆን የሚጠበቀው ትርፉ 15 በመቶ ነው። «ለ» ቤታው 0.5፣ ትርፉ 9 በመቶ ነው። «ሐ» ቤታው 1፣ ትርፉ 14 በመቶ ነው። ትክክለኛ ያልሆነ ዋጋ ያለው ነገር ይኖር ይሆን?

ለማወቅ «ሀ»ንና «ለ»ን ግማሽ በግማሽ እንቀላቅል። የድብልቁ ቤታ የሁለቱ አማካይ ስለሆነ 1 ነው፤ የሚጠበቀው ትርፍም 12 በመቶ ነው። እንግዲህ ድብልቁና «ሐ» የተሸከሙት አደጋ አንድ ዓይነት ሆኖ ሳለ «ሐ» በ2 በመቶ የበለጠ ይከፍላል። አንድ ነጋዴ የድብልቁን አክሲዮኖች በውሰት ወስዶ በ1,000,000 ብር ይሸጣል፤ በተቀበለው ገንዘብ «ሐ»ን ይገዛል። ከኪሱ ምንም አላወጣም። ፋክተሩ በ10 በመቶ ቢወድቅ «ሐ» 40,000 ብር ያተርፋል፣ ድብልቁ 20,000። ፋክተሩ በ5 በመቶ ቢጨምር «ሐ» 190,000 ያተርፋል፣ ድብልቁ 170,000። በሁለቱም ሁኔታ ልዩነቱ 20,000 ብር ነው፤ ያለ ገንዘብና ያለ አደጋ የተገኘ ትርፍ። አርቢትራጅ የሚባለው ይህ ነው።

እንዲህ ያለ ዕድል የሚቆም አይደለም፤ ያየው ሁሉ «ሐ»ን ይገዛል፣ ዋጋውም ይወጣል። «ሀ»ና «ለ» ባሉበት ቢቆዩ የ«ሐ» ዋጋ ከ100 ብር ወደ 101.89 ብር ገደማ ሲደርስ ግዢው ይቆማል። የሚጠበቀው የዓመት መጨረሻ ዋጋ ያው 114 ብር ስለሆነ ትርፉ ወደ 11.9 በመቶ ይወርዳል፤ በተከፈለው ብር ልክ ሲሰላ ቤታውም 0.98 ይሆናል። «ሀ»ንና «ለ»ን የሚያገናኘው መስመር E = 6 + 6β ነው፤ ቁጥሮቹን ብታስገቡ «ሐ» በዚሁ መስመር ላይ ያርፋል። የዚህ መስመር 6 በመቶ መነሻ ቤታ የሌለው ፖርትፎሊዮ የሚያገኘው ትርፍ ነው፤ ቤታ በ1 በጨመረ ቁጥር የሚከፈለው ጭማሪም 6 በመቶ ነው።

በእጅ የሌለን ነገር መሸጥ በእኛ ዘንድ የሚያነጋግር ጉዳይ እንደሆነ ይታወቃል። ልብ በሉ፣ ዋጋው እንዲስተካከል የግድ የተዋሰ ሻጭ አያስፈልግም። «ሀ»ንና «ለ»ን አስቀድመው የያዙ ሰዎች የያዙትን ሸጠው ወደ «ሐ» ቢዛወሩ በዚያው አደጋ የተሻለ ትርፍ ያገኛሉ። ዋጋውን የሚገፋው የእነሱም ዝውውር ነው።

ይህ ክርክር የሚያስረው የተሰባጠረን ፖርትፎሊዮ እንጂ እያንዳንዱን አክሲዮን አይደለም። አንድ አክሲዮን ብቻ ከመስመሩ በ2 በመቶ ቢርቅ የ30 በመቶ የግል መዋዠቁ ስላለ 2 በመቶዋን በእርግጠኝነት መልቀም አይቻልም። ርካሾቹ 900 ቢሆኑ ግን ሰብስበን እንይዛቸዋለን፤ 2 በመቶው ባለበት ይቆያል፣ መዋዠቁ ወደ 1 በመቶ ይወርዳል። ስለዚህ ብዙ አክሲዮን ባለበት ገበያ ከመስመሩ ጉልህ ርቀት ሊኖራቸው የሚችለው ጥቂቶቹ ብቻ ናቸው። ከዚህ ተነስተን ጥር 2017 ዓ.ም ሥራ ወደ ጀመረው የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋይ ገበያ ብንመለከት፣ የተመዘገቡት ኩባንያዎች ጥቂት እስከሆኑ ድረስ የግሉ አደጋ ስለማይከስም ክርክሩ ገና እግር አያገኝም።

ስህተት የሚፈጠረው የት ነው? በብዛት ያላየነው ሁለተኛ ፋክተር ሲኖር ነው። «ነጻ ትርፍ» የመሰለን 2 በመቶ ላልቆጠርነው አደጋ የሚከፈል ዋጋ ሊሆን ይችላል። የሚታወቅበት መንገድ አለ፦ የፋክተሩን ድርሻ ከቀነስን በኋላ የቀረውን የ100 አክሲዮኖች መዋዠቅ በአማካይ እንለካ። 3 በመቶ አካባቢ ከሆነ ግምታችን ደህና ነው። 10 በመቶ ከሆነ ግን «የግል» ያልነው ነገር የግል አልነበረም፤ በየሁለቱ አክሲዮን መካከል የ0.1 ተዛምዶ ብቻ እንኳ ይህን ያህል ያስቀራል። እንዲህ ሲሆን ለአዲሱ ፋክተር ሌላ ቤታ ጨምረን መስመሩን ወደ ጠለል እናሰፋዋለን። ሮስ ራሱ ከቼንና ከሮል ጋር በ1986 ባወጡት ጥናት የኢንዱስትሪ ምርትንና የዋጋ ግሽበትን የመሳሰሉ በርካታ ፋክተሮችን መርምረዋል።

ሌላው ገደብ ጊዜ ነው። ንድፈ ሐሳቡ ዋጋ ወደ መስመሩ እንደሚመለስ እንጂ መቼ እንደሚመለስ አይናገርም። ሮያል ደችና ሼል የሚባሉት ኩባንያዎች ከ1907 ጀምሮ ትርፋቸውን 60 ለ40 ይካፈሉ ስለነበር የአክሲዮን ዋጋቸውም በዚያው ልክ መሆን ነበረበት፤ ገበያው ግን ለዓመታት ከዚያ ርቆ ቆይቷል። ሎንግ ተርም ካፒታል ማኔጅመንት የተባለው የአሜሪካ ፈንድ ልዩነቱ ይጠባል ብሎ በብዙ ብድር ገባበት። ነሐሴ 1998 እ.ኤ.አ. ሩሲያ ዕዳዋን አልከፍልም ስትል ገበያዎች ተናወጡ፤ እንዲህ ያሉ ልዩነቶች በመጥበብ ፋንታ ሰፉ። ፈንዱ እስኪጠቡ መጠበቅ አልቻለም፤ በቀጣዩ ወር 14 የገንዘብ ተቋማት 3.6 ቢሊዮን ዶላር ገደማ አዋጥተው ተረከቡት። ስለ መስመሩ የነበረው ስሌት ትክክል ነበር፤ በተበደረ ገንዘብ የሚጠብቅ ሰው ግን መስመሩ እስኪደርስለት የሚቆይ አቅም ላይኖረው ይችላል።