ላፕቶፑ ሲፋጭ፦ ጉድፍ ነው ወይስ ያለቀ ኩሽኔታ?

የላፕቶፕ ፋን ሥራ ሲበዛበት አብዛኛውን ጊዜ በደቂቃ ከ3000 እስከ 5000 ጊዜ ይዞራል። 3600 ብለን ብንይዘው በሰከንድ 60 ዙር ማለት ነው። አንድ ጉድፍ በየዙሩ አንዴ ብቻ ቢነካው እንኳ በሰከንድ 60 ጊዜ ይነካዋል ማለት ነው፤ ጆሯችን ይህን ነጣጥሎ መስማት ስለማይችል የሚደርሰን ያልተቋረጠ የፍጭት ድምፅ ነው። ስለዚህ ከማሽኑ ውስጥ በየሰከንዱ አንዴ ወይም ሁለቴ «ቀጭ፣ ቀጭ» የሚል፣ ሊቆጠር የሚችል ድምፅ ከመጣ ፋኑን ትተው ሃርድ ዲስኩን ይጠርጥሩ። በተለይ የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ያለው አሮጌ ላፕቶፕ ከሆነ፣ የዚያን ቀን ሥራ ፋይሎቹን ወደ ሌላ ቦታ መገልበጥ እንጂ ካቻቢቴ ማንሳት አይደለም።

ሌላም ከፍጭት ጋር የሚምታታ ድምፅ አለ። ፋኑ ጤነኛ ሆኖ፣ ግን ቀኑን ሙሉ በሙሉ ኃይሉ እየዞረ አየሩ ሲጮህ ነው። ምንም የብረት ወይም የፕላስቲክ መነካካት አይሰማበትም። መንስኤው ብዙ ጊዜ አቧራ የደፈነው የአየር መውጫ ወይም በፕሮሰሰሩ ላይ የደረቀ ቴርማል ፔስት ነው። እንዲህ ላለው ላፕቶፕ አዲስ ፋን ቢገዙለት አዲሱም እኩል ይጮሃል።

እውነተኛው ፍጭት ከየት እንደሚመጣ ለመረዳት የፋኑን ውስጥ ማየት ይረዳል፤ ብዙ ዕቃም የለበትም። ከሥር የመዳብ ሽቦ ጥቅልሎች አሉ። ክንፎቹን የተሸከመው ክብ አካል በውስጡ ማግኔት አለው፤ ከመሀሉ የሚወጣው ቀጭን የብረት ዘንግ ደግሞ ጠባብ የብረት ቀለበት ውስጥ ይገባል። ኩሽኔታው ይህ ቀለበት ነው። ኩሽኔታ ሲባል በመኪና ጎማ ላይ ያለው፣ ትናንሽ ኳሶች የተደረደሩበት ቢታወሰንም በአብዛኞቹ የላፕቶፕ ፋኖች ውስጥ ኳስ የለም። ዘንጉ የሚዞረው በስስ የዘይት ሽፋን ላይ ነው፤ ዘይቱ እስካለ ድረስ ብረት ከብረት አይገናኝም።

ዘይቱ ግን በፕሮሰሰሩ ሙቀት ከዓመት ዓመት ይተናል፣ ይወፍራል፤ ሾልኮ የገባ ደቃቅ አቧራም ይቀላቀልበታል። ከዚያ ወዲያ ዘንጉ ቀለበቱን መብላት ይጀምራል። ቀዳዳው በጣም በጥቂቱ ሲሰፋ ዘንጉ ወደ ጎን የመዘንበል ነፃነት ያገኛል፤ በክንፎቹና በቤቱ መካከል ያለው ክፍተት ደግሞ ድሮውንም ጠባብ ነው። ስለዚህ ያለቀ ኩሽኔታ ያለው ፋን ሁለት ድምፅ ሊያወጣ ይችላል፦ መጀመሪያ ከመሀሉ የሚወጣ ጉርምርምታ፣ ኋላ ደግሞ የክንፎቹ ጫፍ ቤቱን ሲፍቅ የሚሰማው።

ማሽኑን ሳይከፍቱ መንስኤውን በግምት መለየት ይቻላል፤ ቁልፉ ድምፁ መቼ እንደሚመጣና መቼ እንደሚጠፋ ማስተዋል ነው። ጠዋት በብርዱ ሲከፈት የሚያጉረመርምና ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ የሚረግብ ከሆነ ጥርጣሬው ወደ ኩሽኔታው ያዘነብላል፤ የቀረችው ዘይት ስትሞቅ ስለምትቀጥን ለጊዜው ታገለግላለችና። ላፕቶፑ ጠረጴዛ ላይ ተኝቶ ሳለ የፋኑ ዘንግ ወደ ላይ የቆመ ነው። ቀስ ብለው በጎኑ ሲያቆሙት ዘንጉ ይጋደምና የክንፎቹ ክብደት በቀለበቱ አንድ ወገን ላይ ያርፋል። በዚህን ጊዜ ድምፁ በግልጽ ከተለወጠ፣ ቢብስም ቢጠፋም፣ ዘንጉ ልቅ ሳይሆን አይቀርም። (የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ያለው ማሽን ላይ ይህን ሙከራ ይለፉት።) ድሮ ያልነበረ ፍጭት ማሽኑ ከወደቀ ወይም ጥገና ቤት ደርሶ ከተመለሰ በኋላ በድንገት ከጀመረ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ቦታዋን የሳተች ሽቦ፣ ሳይታሰር የቀረ ብሎን፣ ወደ ውስጥ የተጎነበሰ ክዳን ክንፉን ይነካል። ከፋኑ ትይዩ ያለውን ክዳን በጣት በስሱ ጫን ሲሉት ወይም ሲለቁት ድምፁ የሚቀየር ከሆነ ምልክቱ ይኸው ነው። ክዳኑ ያበጠ ሆኖ ካገኙት፣ ከሥሩ ያለው ባትሪ አብጦ ሊሆን ስለሚችል መጫኑንም መጠቀሙንም ያቁሙ።

አንድ የተለመደ ዓይነት ጉዳይ እንውሰድ። አዳማ የምትሠራ አንዲት የሂሳብ ባለሙያ ስድስት ዓመት ያገለገለ፣ ያገለገለም ሆኖ የተገዛ የቢሮ ላፕቶፕ አላት እንበል። በየጠዋቱ ሲከፈት ያጉረመርማል፤ ቡና እስኪፈላ ድረስ ይረግባል። ከወራት በኋላ መርገቡ ቀረ። ወደ ጥገና ቤት ስትወስደው በኮምፕረሰር ተነፋላትና ብዙ አቧራ ወጣ። ለጥቂት ቀናት ጸጥ አለ፤ ከዚያ ከበፊቱ ብሶ ተመለሰ።

ጸጥታው የመጣው አቧራው ሲወጣ ማሽኑ ስለቀዘቀዘና ፋኑ በዝግታ መዞር ስለጀመረ ነው። ኩሽኔታው ግን በነፋስ አይታደስም። እንዲያውም ክንፉ ሳይያዝ የሚነፋ ኃይለኛ አየር ፋኑን ከተሠራለት ፍጥነት በላይ ያሽከረክረዋል፤ ይህ ደግሞ ቀድሞ የተጎዳውን ቀለበት ይጨርሰዋል። የጎሚስታ ኮምፕረሰር ከሆነማ ከአየሩ ጋር ውሃና ዘይትም ሊተፋ ይችላል፤ እሱን ወደ ላፕቶፕ ማስጠጋት በጭራሽ አይመከርም።

ትክክለኛው አከፋፈት ይህ ነው። ማሽኑ ሙሉ በሙሉ ይጠፋል፣ ቻርጀሩ ይነቀላል፣ የሥር ክዳኑ ይፈታል፤ ብሎኖቹ ቁመታቸው ስለሚለያይ እንደነበሩበት አቀማመጥ ወረቀት ላይ ይደረደራሉ። ሌላ ነገር ከመነካቱ በፊት የባትሪው ሽቦ ይነቀላል። ከዚያ ፋኑ ይታያል። በሂሳብ ባለሙያዋ ማሽን ውስጥ በፋኑና ሙቀት በሚያስወጡት ቀጫጭን የብረት ቅጠሎች መካከል ኮምፕረሰሩ ያላስወጣው አቧራ እንደ ጨርቅ ተነጥፎ ይገኛል። ፋኑን ሳያነሱ ከውጭ ሲነፉ የሚቀረው ቦታ ይህ ነው። በፒንሴት ተይዞ አንድ ላይ ይወጣል። ክንፎቹ በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ ይጠረጋሉ፤ በዘንጉ ዙሪያ የተጠመጠመ ፀጉር ካለ ይለቀማል።

አሁን ውሳኔው የሚወሰንበት ፈተና ይመጣል፤ የሚያስፈልገው አንድ ጣት ነው። ክንፉን በስሱ ሲያሽከረክሩት ጥቂት ዙር ዞሮ ቀስ እያለ መቆም አለበት፤ እየተያዘ ወይም እየተንቀጠቀጠ የሚቆም ፋን ጤነኛ አይደለም። ቀጥሎ የመሀሉን ክብ አካል ወደ ላይና ወደ ታች ነካ ያደርጉታል። ትንሽ ከፍ ብሎ ራሱ ይመለሳል፤ ይህ ብዙዎችን ቢያስደነግጥም በብዙ ፋኖች ላይ የተለመደ ነው፣ ወደ ታች የሚስበው ማግኔቱ ነው። የሚፈረደው በጎን እንቅስቃሴው ነው። ከጎን ገፋ ሲያደርጉት ክንፎቹ ዘንበል ብለው ቤቱን የሚነኩ ከሆነ ቀዳዳው ሰፍቷል። በእኛ ምሳሌ ፋኑ ከጎን ይላወሳል፣ በቤቱ ውስጠኛ ግድግዳ ላይም ክንፍ የፋቀው የሚያብረቀርቅ መስመር አለ። ይህ ፋን ይቀየራል። መስመሩ ባይኖር፣ ዘንጉም ከጎን ባይላወስ ኖሮ ፀጉሩንና አቧራውን አውጥቶ መዝጋት ይበቃ ነበር።

ዘይት መጨመርስ? ይሠራል፣ ግን ለጊዜው። የአንዳንዱ ፋን ክንፍ የተያዘው በማግኔት ብቻ ስለሆነ ቀጥ አድርገው ሲስቡት ይወጣል፤ ዘንጉ በንጹሕ ጨርቅ ተጠርጎ አንድ ጠብታ የልብስ ስፌት መኪና ዘይት ቀዳዳው ውስጥ ይገባል። ከአንድ ጠብታ በላይ ከሆነ ይረጭና አቧራ ይሰበስባል። የምግብ ዘይት ይሙጫል፤ ዝገት ለማላቀቅ የሚረጨው ስፕሬይ ደግሞ የቀረችውን ዘይት አጥቦ ቶሎ ይተናል። በመጠኑ ሲሳብ አልወጣም ያለ ክንፍ በቀለበት የተቆለፈ ስለሆነ በግድ መንቀል ያበላሸዋል። ዘይቱ ሲገባ የሚገኘው ጸጥታ ደስ ይላል፤ የሰፋ ቀዳዳ ግን በዘይት አይጠብም። እኔ ዘይቱን የምመክረው አዲሱ ፋን እስኪገኝ ድረስ ሥራ ማቆም ለማይችል ሰው ብቻ ነው።

ጨርሶ ማመንታት የማያስፈልግባቸው ሁኔታዎችም አሉ። አንድ ክንፍ ከተሰበረ ሚዛኑ ስለሚዛባ የቀረውን ኩሽኔታ በፍጥነት ይበላዋል። በጣት ካልተገፋ የማይነሳ ፋን በማንኛውም ቀን ሊቆም ይችላል። ማሽኑ ራሱም ይናገራል፤ ቲንክፓድ ላፕቶፖች ሲከፈቱ `Fan error` ብለው ሊያቆሙ ይችላሉ፣ ኤች ፒዎች ላይ ደግሞ `System Fan (90B)` የሚል ማስጠንቀቂያ ይወጣል። ፋን የቆመበት ፕሮሰሰር ወዲያው አይቃጠልም፤ ሙቀቱ ወደ 100 ዲግሪ ሲጠጋ መጀመሪያ ራሱን ያዘገያል፣ ሲብስበት ማሽኑ ይጠፋል። ያልተቀመጠ የሂሳብ ሰነድ የሚጠፋውም ያኔ ነው።

ምትኩ ሲገዛ የላፕቶፑን ስም ብቻ ይዞ ገበያ መውጣት አይበቃም፤ አንድ ሞዴል የተለየ የግራፊክስ ካርድ ሲኖረውና ሳይኖረው የሚገባለት ፋን ሊለያይ ይችላል። አሮጌው ፋን ተፈትቶ በእጅ ቢያዝ ይሻላል። ላዩ ላይ የተለጠፈው ቁጥር ይመሳከራል፣ እንደ `DC 5V 0.50A` ያለው ጽሑፍ ይነበባል፣ የሽቦው ብዛት ሦስት ይሁን አራት ይቆጠራል፣ የመሰኪያው ቅርጽና የፋኑ ውፍረት ጎን ለጎን ይታያል። ሁለት ፋን ባለው ማሽን የግራውና የቀኙ የተለያዩ ናቸው። ከሌላ ላፕቶፕ የተነቀለ ያገለገለ ፋን ከሆነ የጎን ፈተናውን እዚያው ሱቁ ውስጥ ያድርጉት፤ እሱም የራሱ ዕድሜ አለው።

በአንዳንድ ማሽኖች ፋኑ ብቻውን በሁለት ሦስት ብሎን ይወጣል። በሌሎች ግን ከሂትሲንኩ ጋር አንድ አካል ስለሆነ አብሮ ይነሳል፤ ያኔ አሮጌው ቴርማል ፔስት ተጠርጎ አዲስ ይቀባል፣ ብሎኖቹም ሂትሲንኩ ላይ በተጻፈው ቁጥር ቅደም ተከተል ቀስ በቀስ ይታሰራሉ። አሮጌው ፔስት ሳይታደስ መልሶ የሚገጥም ባለሙያ ካጋጠመዎት ሥራውን ያስቁሙት።

አዲሱ ፋን ከገባ በኋላ ማሽኑን ሥራ አብዝተውበት ሃያ ደቂቃ ያህል ያቆዩትና ያዳምጡ፤ በመጀመሪያ እንደተኛ፣ ከዚያ ብድግ ተደርጎ። ክዳኑ ክፍት ሳለ ጸጥ ያለው ሲዘጋ ብቻ ከፈጨ ፋኑን አይመልሱት። ከክዳኑ ሥር የተቀረቀረች ሽቦ ወይም ያለቦታው የገባ ረጅም ብሎን ይፈልጉ።