ገማቹ ሜትሩን ከመዘርጋቱ በፊት

«ቤቴ ስንት ያወጣል?» ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ገማቹ ግን መጀመሪያ ማወቅ የሚፈልገው ግምቱ ለምን እንደሆነ ነው፤ ለሽያጭ ነው፣ ለውርስ ክፍፍል ነው ወይስ ለባንክ መያዣ? ባንክ ብድሩ ባይመለስ ቤቱ በሐራጅ ስንት ያወጣል ብሎ ስለሚያስብ፣ ግምቱ ደላላ ከሚጠራው ዋጋ ብዙ ጊዜ ዝቅ ይላል።

በእኛ አገር መሬት የግል ንብረት ስላልሆነ፣ የባንክ መሐንዲስ ስሌቱን የሚጀምረው ከግንባታው ነው። የአካባቢውን ተፈላጊነት ባንኩ በራሱ መመሪያ ለብቻው ያሰላዋል። አንድ ምሳሌ እንውሰድ፤ ዋጋው ለስሌት ብቻ የተቀመጠ ነው። ዋናው ቤት 80 ካሬ ነው እንበል፤ ዛሬ አዲስ ቢሠራ በካሬ 30,000 ብር ቢፈጅ 2,400,000 ብር ይሆናል። ለእርጅናው 20 በመቶ ሲቀነስ 1,920,000 ብር ይቀራል። ከጓሮ 24 ካሬ ሰርቪስ አለ፤ በካሬ 15,000 ብር ቢታሰብ 360,000 ብር ነው። ነገር ግን ሰርቪሱ ያለ ግንባታ ፈቃድ የተሠራ ከሆነ ባንኩ ከስሌቱ ሊያወጣው ይችላል። ባለቤቱ «ግምቱ አነሰብኝ» ብሎ የሚያዝነው ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ነው።

ስለዚህ ከካርታውና ከግንባታ ፈቃዱ ቅጂ ጋር አንድ ገጽ ጽሑፍ መስጠት ይበጃል። በቃል የተነገረ ነገር ግቢው በር ላይ ይረሳል። ለምሳሌ እንዲህ ተብሎ ሊጻፍ ይችላል፦

«ግምቱ ለባንክ ብድር መያዣ ነው። ቦታው በካርታው 175 ካሬ ሲሆን በሊዝ የተያዘ ነው፤ ቀሪ የሊዝ ክፍያ አለበት፣ የከፈልኩበትን ደረሰኝ አያይዣለሁ። ዋናው ቤት በ2002 ዓ.ም. በብሎኬት ተሠርቶ በ2013 ጣሪያው ተቀይሯል። የጓሮው ሰርቪስ በፈቃዱ ላይ የለም። ሁለት ክፍሎች ተከራይተዋል። እገዳም ሆነ የፍርድ ቤት ክርክር የለም።»

ፈቃድ የሌለውን ነገር መጻፍ ራስን መጉዳት ሊመስል ይችላል። ሆኖም መሐንዲሱ ፕላኑን ከግቢው ጋር ሲያስተያይ ማየቱ አይቀርም፤ አስቀድሞ ከተነገረው ግን የትኛው በስሌቱ እንደገባ፣ የትኛው እንደወጣ በሪፖርቱ ለይቶ እንዲያስቀምጥ መጠየቅ ይቻላል። «ጎረቤቴ በዚህን ያህል ሸጠ» የሚለውም ቢሆን የሚጠቅመው ቀኑ፣ የቦታው ስፋትና የቤቱ ዓይነት አብሮ ሲጻፍ ነው። አለዚያ ወሬ ነው።

ሪፖርቱ ሲደርስዎ ከብሩ በፊት ካሬውን ይመልከቱ። 80 የነበረው 68 ተብሎ ከተጻፈ፣ 12ቱ ካሬ በ30,000 ሲባዛ፣ እርጅናው ተቀንሶ እንኳ፣ 288,000 ብር ጎድሏል። ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ተራ ነገር ነው፤ በዕለቱ ተከራይ ቆልፎ የወጣበት ክፍል። ስለዚህ በዚያው ገጽ ግርጌ የቁልፉን ያዥ ስልክ ይጨምሩ።